ሐሰተኛ ጨረታ «ተረጋግጧል» በሚል ምልክት ስለመውጣቱ የቀረበ ቅሬታ

ለጨረታ መረጃ አገልግሎት ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከውል በፊት በግለሰብ ሒሳብ የጨረታ ማስከበሪያ ያስከፈለ ሐሰተኛ ማስታወቂያን ይመለከታል

መርካቶ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የትምህርት ቁሳቁስ የምናቀርብ አነስተኛ ድርጅት ነን። በየዓመቱ እየከፈልን ጨረታ የምንከታተለው በእናንተ በኩል ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ገጻችሁ ላይ የወጣ አንድ ጨረታ ሐሰተኛ ሆኖ ስለተገኘ ነው። እኛ ባለንበት ሕንፃ ሱቅ ያለው፣ የእናንተው ደንበኛ የሆነ ወጣት አቅራቢ 84,000 ብር ተበልቶበታል። ደብዳቤውን አንብቦ እኔ ስለ እሱም እንድናገር ተስማምቷል።

ማስታወቂያው አንድ የታወቀ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ለተማሪዎች 3,000 ቦርሳ ከነደብተሩ እንደሚገዛ ይናገራል። የድርጅቱ አርማ አለው። የጨረታ ቁጥር አለው። ከጎኑ ደግሞ «ተረጋግጧል» የሚለው አረንጓዴ ምልክታችሁ አለ። ሰነዱን የሚፈልግ በኢሜይል ይጠይቅ ይላል። ጎረቤታችን ንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የቫት ምዝገባውን ላከ። በማግስቱ መልስ መጣለት። ቅድመ ማጣሪያውን ካለፉት ሦስት አቅራቢዎች አንዱ እንደሆነና የግዢው ግምት 4,200,000 ብር እንደሆነ ተነገረው። የጨረታ ማስከበሪያ 2 በመቶ፣ ማለትም 84,000 ብር፣ እስከ ነገ 10 ሰዓት ድረስ ለግዢ ኃላፊው ሒሳብ እንዲያስገባ ታዘዘ። ሒሳቡ የግለሰብ ነው።

ለእኛም ያው ደብዳቤ ደርሶናል። የሒሳብ ሠራተኛችን የግለሰብ ስም ስታይ አልከፍልም አለች። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ስልክ ትታ ወደ በጎ አድራጎት ድርጅቱ ቢሮ በቀጥታ ደወለች። እንዲህ ያለ ግዢ የለንም አሏት። ወደ ጎረቤታችን ስንሮጥ ግን ገንዘቡ ተልኮ ነበር።

«ውል ሳይኖር ማን ይከፍላል?» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአገራችን የጨረታ ማስከበሪያ ከውል በፊት መጠየቁ የተለመደና ሕጋዊ አሠራር ነው። አሸናፊው ሥራውን ጥሎ እንዳይሄድ መያዣ ነው። አታላዮቹ የተደበቁት እዚሁ አሠራር ውስጥ ነው። ስለዚህ «ገንዘብ ጠየቁ» ማለት ብቻውን ምልክት አይሆንም። ምልክቱ ያለው ገንዘቡ እንዴትና በማን ስም እንደሚሰጥ ላይ ነው።

በትክክለኛ ጨረታ ማስከበሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሲፒኦ ወይም የባንክ ዋስትና ነው። ሲፒኦ የሚሠራው በገዢው መሥሪያ ቤት ስም ነው። ባንኩ ገንዘቡን ከእኛ ሒሳብ ቀንሶ ወረቀቱን ይሰጠናል። ወረቀቱን ከመወዳደሪያ ሰነዱ ጋር በታሸገ ፖስታ እናስገባለን። በላዩ ላይ ስሙ ከሌለ ማንም ግለሰብ ሊመነዝረው አይችልም። ከተሸነፍን ሲፒኦው ይመለስልናል፣ ወደ ባንክ ወስደን ገንዘባችንን እናስመልሳለን። ወደ ግለሰብ ሒሳብ የተላከ ብር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ወጥቶ ያልቃል። ጎረቤታችን ባንኩ ጋ ሲደርስ ሒሳቡ ውስጥ የቀረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

የስሌቱንም ነገር ልብ በሉልኝ። ማስከበሪያ ወይ በማስታወቂያው ላይ በቁርጥ ይጻፋል፣ ወይ ተጫራቹ ካቀረበው ዋጋ በመቶኛ ይሰላል። ጎረቤታችን ግን ገና ዋጋ አላቀረበም። የቦርሳውን ጨርቅ፣ የደብተሩን ገጽ ብዛት የሚገልጽ ዝርዝር እንኳን አልተሰጠውም። ታዲያ የምኑ 2 በመቶ ነው? ጨረታው የሚከፈትበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታም የትም አልተጻፈም። የሚከፈትበት ጊዜ ለተጫራቾች የማይነገርበት ግልጽ ጨረታ እኔ አላውቅም። ይህ መጉደሉ እናንተ በለጠፋችሁት ማስታወቂያ ላይ በዓይን የሚታይ ነበር።

ነገሩ በ84,000 ብርም አላበቃም። በሦስተኛው ቀን «አሸንፈዋል» የሚል ደብዳቤ መጣለት። ውሉን ለመፈረም የውል ማስከበሪያ 10 በመቶ፣ 420,000 ብር፣ ለዚያው ሰው ሒሳብ ያስገቡ ይላል። የውል ማስከበሪያ እውነተኛ ነገር ነው፤ ከአሸናፊነት ደብዳቤ በኋላ በባንክ ዋስትና ወይም በሲፒኦ ይቀርባል። ስሙን ወስደው ለሁለተኛ ዝርፊያ ተጠቀሙበት። ያኔ ባናስጠነቅቀው ኖሮ ልጁ ለመበደር ተነስቶ ነበር።

ስንደውልላችሁ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛችሁ «እኛ የተላከልንን ነው የምናወጣው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል» አለችን። ይህ መልስ ከጋዜጣ ወይም ከመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዢ ሥርዓት ለምትገለብጡት ጨረታ ይሠራ ይሆናል። ያኛው ምንጩ ይታወቃል፣ እኛም ሄደን ማየት እንችላለን። ይህኛውን ግን ማስታወቂያ አስነጋሪው በቀጥታ ወደ እናንተ አመጣው፣ እናንተም የማስታወቂያ ዋጋ ተቀበላችሁ። ከዚያ «ተረጋግጧል» አላችሁ። ምን እንዳረጋገጣችሁ ስንጠይቅ ሠራተኛችሁ «ክፍያው መግባቱን» አለችን። ደንበኛ ያንን ቃል ሲያይ ጨረታው መኖሩ እንደተረጋገጠ ነው የሚረዳው። ጎረቤቴን ያሳሳተው ይኸው ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን እንደሚከለክል ለሕግ ክፍላችሁ ማስታወስ እወዳለሁ።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። ማስታወቂያውን ዛሬውኑ አውርዱ። ማውረድ ብቻውን ግን አይበቃም። ያንን ገጽ የከፈቱትን ደንበኞች ታውቋቸዋላችሁና ለሁሉም «ይህ ጨረታ ሐሰተኛ ነው፣ ገንዘብ አትላኩ» የሚል የጽሑፍ መልእክት ላኩ። አሁንም ብር ለመላክ የተዘጋጀ ሰው ሊኖር ይችላል። ማስታወቂያውን ያስገባው ሰው የተጠቀመበትን ስልክ፣ ኢሜይልና የከፈለበትን ሒሳብ መረጃ እንዳታጠፉት። ጎረቤታችን ለፖሊስ አመልክቷል፣ መርማሪው ሲጠይቃችሁ መረጃው መገኘት አለበት።

«ተረጋግጧል» የሚለው ምልክት ደግሞ ወይ ይነሳ፣ ወይ ትርጉም ይኑረው። በቀጥታ የሚመጣላችሁን ጨረታ ከማውጣታችሁ በፊት በአስነጋሪው ስልክ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ የታወቀ ስልክ ደውሉ። የእኛ ሒሳብ ሠራተኛ ያደረገችው ይህንኑ ነው፣ ከአንድ ጥሪ በላይ አልፈጀባትም። ማስከበሪያን በግለሰብ ስም የሚጠይቅ ማስታወቂያ ደግሞ ጭራሽ አይውጣ።

ለጎረቤታችን የዓመት ክፍያው እንዲመለስለትና ለደረሰበት ጉዳት ያላችሁን ኃላፊነት በጽሑፍ እንድትገልጹለት እንጠይቃለን። ገንዘቡ ለክረምት የትምህርት ዕቃ ማስገቢያ ከዕቁብ ያወጣው ነበር። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁን ጉዳዩን ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር እናቀርባለን። ሁለቱን የኢሜይል ደብዳቤዎች፣ የማስታወቂያውን ስክሪንሾትና የባንክ ደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዘናል።

ከሰላምታ ጋር

የትምህርት ቁሳቁስ አቅራቢ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ