ጡረታ ወጣሁ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ስንት ክረምት አለፈ! ስልክ ከደወልኩልህ "ሰላም ነህ፣ ሰላም ነኝ" ብለን ነው የምንዘጋው። ስለዚህ እንደ መምህራን ማሰልጠኛው ዘመናችን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

60 ሞላኝ፣ ከርዕሰ መምህርነቴ ጡረታ ወጣሁ። ሽኝቱ የተደረገው ሰኔ 30፣ ከወላጆች በዓል ጋር ነው። የወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ወመህ፣ ጋቢ አለበሰኝ። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ግጥም አነበቡ። ካርድ ታድሎ ሲያበቃ ማይኩን ሰጡኝ። ምስጋናዬን ባጭሩ ተናገርኩና አንድ የቆየ የስም መጥሪያ ደብተር ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ለመጨረሻ ጊዜ የማገኛቸው በመሆኑ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ነገር ሳልናገር መሄድ አልፈለግኩም።

"ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው ባንድ ቀን አይደለም" አልኳቸው። እኛ ጋ ገበያ ሐሙስ ነው። ጥቅምት ላይ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሐሙስ ትቀራለች። በሳምንቱም ሐሙስ ትቀራለች። አርብ ትመጣለች፣ ስለዚህ ማንም ልብ አይላትም። ኅዳር ላይ አጨዳ ይደርሳል፣ አሁን ሰኞና ማክሰኞም ይጨመራል። ታኅሣሥ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ ክፍሉ ክፍልፋይን ጨርሶ ወደ መቶኛ ገብቷል። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ መቶኛ እንዴት ይገባዋል? የቤት ሥራ ከጓደኛዋ መገልበጥ ትጀምራለች። ሰሌዳ ላይ እንዳትጠራ ኋላ ወንበር ትሄዳለች። ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ትወድቃለች፣ የካቲት ላይ የለችም። ያኔ ነው እኛ "አቋረጠች" ብለን ለወረዳ ሪፖርት የምንልከው። ደብተሩ ግን ከጥቅምት ጀምሮ ይነግረን ነበር።

የያዝኩት ገጽ እንዲሁ መቅረት ጀምራ በጊዜ የደረስንላት የአንዲት ልጅ ነው፤ ስሟን አልጠራሁም፣ ገጹም ከሩቅ አይነበብም። ያደረግነውን ግን ነገርኳቸው። የክፍል ኃላፊዋ በወር አንዴ መቅረትን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በቀን ይለያል። ሦስት ሐሙስ ሲያይ እናትየውን አስጠራን። እናት ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ልጅቷ ትንሹን ወንድሟን ትጠብቃለች። ሌላ ምክንያት አልነበረም። ቁጣም ምክርም የሚፈታው ነገር አይደለም። ከወመህ አንዷ እናት ጎረቤቷ ስለሆነች ሕፃኑን ሐሙስ ሐሙስ እስከ ስድስት ሰዓት ልትይዝላት ተስማማች። እኛም የዚያን ክፍል የሐሙስ ሒሳብ ከረቡዕ አማርኛ ጋር አቀያየርነው። ስለዚህ ሐሙስ ብትቀር እንኳ የሚያመልጣት ነገር በንባብ የሚካካስ ነው። ያመለጣትን ክፍልፋይ መምህሩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከሌሎች ቀሪዎች ጋር አስተማራት። ልጅቷ ስምንተኛን ተፈትና አለፈች።

ሁሉም እንዲህ አይሆንም፤ ይህንንም አልደበቅኳቸውም። ለጋብቻ የታጨችን ልጅ ደብተሩ አያሳየንም። እስከ መጨረሻው ሳምንት ሳትቀር ትመጣለችና። እሱን ቀድመው የሚያውቁት ጓደኞቿ ናቸው። ለዚህ ነው ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ "ከመካከላችሁ አንዷ ከጥምቀት በኋላ ወይ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው ከተባለ ለልጃገረዶች ክበብ መምህሯ ዛሬውኑ ንገሩ፤ ነገ የሠርጉ ቀን ነው" ያልኳቸው። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ግን ሕጉ የሚሠራው የድግሱ ጠላ ሳይጠመቅ ሲደርስ ነው። ጠላው ከተጠመቀ፣ ዘመድ ከተጠራ በኋላ አባትን ከቃሉ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ አንተም ታውቀዋለህ። አንዳንዷን አጥተናታል። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ንግግሬ ሲያልቅ ጭብጨባው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ግን ካርድ ይዘው ከሚወጡት መካከል አንድ አባት መጥተው "የእኔስ ልጅ ስንት ሐሙስ ቀረ?" አሉኝ። ቢሮ ገብተን አብረን ቆጠርን። ከጋቢው ይልቅ ያ ነው ደስ ያሰኘኝ።

ርክክቡ ሳምንት ፈጀ። ማኅተሙን፣ የንብረት መዝገቡን፣ የስቶር ቁልፉን አስረከብኩ። ሮስተሮቹን ግን ዓመት በዓመት እየገለጥኩ ነው የሰጠሁት። ከሃያ ዓመት በኋላ ትራንስክሪፕት ፈልጎ የሚመጣ ተማሪ ሌላ ማስረጃ የለውም። ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግም ለተተኪዬ አሳየሁት። ወጣት ነው፣ ጠያቂ ነው፣ ወድጄዋለሁ። ትናንት ደውሎ መስከረም ላይ የክፍል ኃላፊዎቹን ሲሰበስብ መጥቼ ደብተሩን እንዴት እንደምናነብ እንዳሳያቸው ጠየቀኝ። እሺ አልኩት።

አንተስ? ያ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት የፈረቃ ትምህርት ቀረለት? ገበያ ሳይኖር ከተማ ውስጥ ልጆቹ የሚቀሩት በምን ቀን ነው? ጻፍልኝ፣ እውነቴን ነው ማወቅ የምፈልገው። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ቤተሰብህን ይዘህ ና፤ አሁን ጊዜ አለኝ።

ወንድምህ