ኮርስ የማቋረጫው ቀን ከዝለቱ ቀድሞ ያልፋል

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህርና የተማሪዎች አካዳሚክ አማካሪ ነኝ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ቢሮዬን የሚያንኳኩት ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አብሬአቸው ከማዘን በቀር የምረዳቸው ነገር ጥቂት ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በዘጠነኛው ሳምንት መጣች። የቀደመው ሴሚስተር ውጤቷ 3.4 ነበር። ቅዳሜና እሑድ ተኝታ ብትውልም ሰኞ የምትነሣው እንደ ደከመች እንደ ሆነ፣ አንድን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብባ ምንም እንደማትይዝ ነገረችኝ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን በጣም ትወደው የነበረውን ኮርስ «ምን ይጠቅመኛል?» ማለቷና የፈተና ውጤቷን ማየት መሸሿ ነው። ተራ ድካም በእንቅልፍ ይለቃል፤ ይህ ግን ዝለት ነው።

ሸክሟን አብረን አሰላነው። ስድስት ኮርስ፣ በትምህርት ሸክም መለኪያው 30 ኢሲቲኤስ ይዛለች። አንዱን ኢሲቲኤስ 27 ሰዓት ብንለው፣ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ50 ሰዓት በላይ ይሆናል። በዚያ ላይ ማታ ማታ የሌሎች ሰዎችን ልጆች ታስጠና ነበር። አንድ ኮርስ ብታቋርጥ በቂ ነበር፤ ነገር ግን የማቋረጫው ቀን አልፏል ተባለች። ማስጠናቱን ብትተውም ዘግይታ ነበር። አንድ ቢ፣ ሦስት ሲ፣ አንድ ዲ እና አንድ ኤፍ አመጣች፤ ኮርሶቹ እኩል ክብደት ስላላቸው አማካዩ 1.67 ሆነ።

በቀጣዩ ሴሚስተር አምስት ኮርስ ብቻ እንድትይዝ ተስማማን። የተውነው በጣም የከበዳትን አልነበረም፤ እርሱን ብንተው በእርሱ ላይ የሚመሠረቱ ሁለት ኮርሶች ይዘገዩባት ነበር። የተውነው ለሌላ ኮርስ መሸጋገሪያ ያልሆነና በየሴሚስተሩ የሚሰጥ ኮርስ ነው። ሁለት ቢ፣ ሁለት ቢ ፕላስ እና አንድ ኤ ማይነስ አገኘች፤ 3.35 ማለት ነው። የምታውቀውን ያህል ድሮም ታውቅ ነበር፤ የተለወጠው የሳምንቱ ሰዓት ብቻ ነው።

እርግጥ ሸክም መቀነስ ለሁሉም መፍትሔ አይሆንም። ሰዓቱ ቀንሶም እንቅልፍ የሚያጣ፣ ምግብ የሚዘጋው ወይም መኖር የሚያስጠላው ተማሪ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። የደም ማነስም ሆነ የድብርት ሕመም በዝለት ስም ሊደበቅ ይችላል።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ሬጅስትራሮች አንድ ጥያቄ አለኝ። በብዙ ክፍሎች የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ለተማሪው የሚደርሰው የማቋረጫው ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ተማሪው ሳያይ እንዲወስን ይገደዳል። መምህራን የመጀመሪያውን ውጤት እስከ አምስተኛው ሳምንት እንመልስ፤ የማቋረጫው ቀንም ወደ ስምንተኛው ሳምንት ይገፋ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ እያንዳንዱ አማካሪ ተማሪዎቹን አንድ ጊዜ ጠርቶ «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ያገኛል።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር