የቡድን ዋስትናን ከመኮነናችን በፊት ቡድኑን ማን እንዳዋቀረው እንጠይቅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ገበሬው ለምን ብድር እንደማያገኝ ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ገበሬዎች በቡድን ሆነው አንዱ ለሌላው ዕዳ ዋስ የሚሆኑበት የቡድን ዋስትና ጊዜው ያለፈበት አሠራር ነው፣ የመሬት ይዞታ ደብተር መያዣ ከሆነ ነገሩ ይቃለላል ይላሉ። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ዘጠኝ ዓመት በብድር ባለሙያነት ሠርቻለሁ። በግማሹ እስማማለሁ፣ በግማሹ ግን አልስማማም።

ከደብተሩ ልጀምር። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም። አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ገበሬው የመጠቀም መብቱን በመያዣነት እንዲያስይዝ መፍቀዱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ተበዳሪው ሳይከፍል ቢቀር አበዳሪው የሚያገኘው መሬቱን ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ የማረስ መብትን ነው። ይህንን መብት ለማን ያከራየዋል? እኔ በማውቃቸው ቀበሌዎች ከጎረቤቱ የተነጠቀ ማሳ ላይ ሞፈር የሚያሳርፍ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ቢገኝም በለቅሶና በማኅበር አብሮ የሚውለውን ሰው ቂም ሸምቶ ነው።

ለነገሩ የመያዣ እጦት ብቻውን አይደለም ገበሬውን ከብድር የሚያርቀው። ብድሩ ትንሽ፣ መንገዱ ረጅም ነው። ለምሳሌ 20,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ ለስምንት ወር ቢበደር፣ ከወለዱ የሚገኘው 2,400 ብር ነው። ከዚህ ላይ ተቋሙ ራሱ ገንዘቡን ያገኘበት ወጪ አለ፤ የሞተር ሳይክል ነዳጅና የባለሙያው አበልም አለ። ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ ትርፉ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። አምስት ሰው በአንድ ዛፍ ሥር ሰብስቤ ካነጋገርኩ ግን ያው ጉዞ ለአምስት ብድር ይካፈላል።

የቡድኑ ትልቁ ጥቅም ግን ነዳጅ መቆጠቡ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሌ ውስጥ አራት ገበሬዎች ተመራርጠው ቀረቡና አምስተኛ ሰው ጎደላቸው። እኔ የቆርቆሮ ቤት ያለውን፣ ጥማድ በሬ የሚያርሰውን ጎረቤታቸውን ጠቆምኳቸው። ሁሉም ዝም አሉ። በኋላ ከአራቱ አንዷ የሆኑ ወይዘሮ ለብቻዬ ጠርተው፣ «ልጄ፣ አንደኛው በሬ የመቀናጆ ነው፤ የሌላ ሰው ነው። የራሱ የሆነውም ላይ አራጣ አበዳሪው ዓይኑን ጥሎበታል። እሱ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አሉኝ። እኔ ግቢውን ዞሬ ቆጥሬ የጻፍኩት «ሁለት በሬ» ብዬ ነበር። ጥር ሲደርስ ያ ሰው አንድም በሬ አልነበረውም።

የቡድን ዋስትና ዋና ሥራው ይህ ነው። ተቋሙ በምንም ቅጽ ሊያገኘው የማይችለውን መረጃ ጎረቤቶቹ አስቀድመው ያውቁታል፤ ዕዳው እነሱ ላይ እንደሚመጣ ሲያውቁ ደግሞ ይናገሩታል። ብድሩ ከወጣ በኋላም ማዳበሪያውን ማሳ ላይ የዘራውንና ገበያ ወስዶ የሸጠውን ለይቶ የሚያየው ማሳው አጠገብ ያለ ሰው እንጂ እኔ አይደለሁም።

አሁን ደግሞ የሚሰበርበትን ቦታ ላሳያችሁ። ከላይ ያልኩትን ብድር አምስት ሰዎች ወሰዱ እንበል። እያንዳንዱ ከነወለዱ 22,400 ብር ይከፍላል። የአንዱ በሬ ሞቶ መክፈል ቢያቅተው የቀሩት አራቱ 5,600 ብር እየጨመሩ ይሸፍኑለታል። ይከብዳል ግን ይቻላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ብድር እንዳይዘጋባቸው ሲሉ ያደርጉታል። ሁለቱ ካቃታቸው ግን የቀሩት ሦስቱ እያንዳንዳቸው ወደ 15,000 ብር ገደማ መጨመር አለባቸው። እዚህ ላይ መክፈል የሚችለውም ማሰብ ይጀምራል። የራሴን ብከፍልም ቡድኑ መዘጋቱ ካልቀረ ለምን እከፍላለሁ ይላል። ሳይታሰብ ከሁለት ዕዳ ወደ አምስት ይደረሳል።

ሁለት ሰው በአንድ ዓመት የሚወድቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ አይደለም። አምስቱም የሚያርሱት በአንድ ተዳፋት ላይ ነው፣ አምስቱም ጤፍ ነው የዘሩት። መስከረም ላይ አንድ የበረዶ ዝናብ ከወረደ ማን ለማን ዋስ ይሆናል? በሬ ለሞተበት፣ ለታመመ፣ ለሰነፈ የቡድን ዋስትና ይሠራል። ሰማይ ለሁሉም እኩል ሲጨክን አይሠራም። ለዚያ የሚያስፈልገው የአየር ንብረት መድን ወይም የመክፈያ ጊዜን ማራዘም ነው፤ ቡድኑን መውቀስ ዋጋ የለውም።

ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የባንግላዴሹ ግራሚን ባንክም ቢሆን እኛ እንደገለበጥነው አልነበረም። ፕሮፌሰር ሙሐመድ ዩኑስ በ1976 እ.ኤ.አ. ጆብራ መንደር ውስጥ የጀመሩት ሲሆን፣ ከተበዳሪዎቹ ብዙዎቹ በኋላ ዶሮ የሚያረቡ፣ ወተት የሚሸጡ፣ ሩዝ የሚፈትጉ ሴቶች ሆኑ፤ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚከፍሉት ገንዘብ በእጃቸው ይገባል። የእኛ ገበሬ ግን በዓመት አንዴ ነው የሚያጭደው። ሰኔ ላይ ይበደራል፣ ጥር ላይ ይጠየቃል። ጥር ደግሞ ሁሉም እህሉን ገበያ የሚያወጣበት፣ ዋጋው የሚረክስበት ወር ነው። እስከ ሰኔ ቢያቆየው የተሻለ የሚያወጣለትን ጤፍ ለብድር ሲል በጥር ይሸጠዋል፤ ነሐሴ ላይ ራሱ ሸማች ይሆናል።

ይህ የሚያስከትለውን ነገር በብድር መዝገባችን ላይ ማየት ይቻላል። ገበሬው ጤፉ ገና ጎተራ እያለ ዕዳውን በሙሉ ከፍሎ በዚያው ሳምንት አዲስ ብድር ከጠየቀ፣ ከአራጣ አበዳሪ ለጥቂት ቀን ወስዶ ነው የከፈለው። ከአዲሱ ብድር ላይ መልሶ ይሰጠዋል። በሪፖርታችን ላይ ግን መቶ በመቶ ተመላሽ ተብሎ ይመዘገባል። ይህንን እያወቅሁ የፈረምኩባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ቡድኑን ገበሬዎቹ ሳይሆኑ ሌላ ሰው ሲያዋቅረው ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ኮታ ይወርዳል፣ ቀኑ ያጥራል፣ ከቀበሌ የስም ዝርዝር ይመጣና አምስት አምስት ተደርጎ ይከፋፈላል። ያቺ ሴት ወይዘሮ ለብቻ ጠርተው የሚናገሩበት ሰዓት አይኖርም። መተዋወቁ ሳይኖር ዋስትናው ብቻ ይቀራል። አንዳንዴም አምስት ሰው ይፈርማል፣ ገንዘቡን አንድ ሰው ይወስደዋል። ይህንን የምለየው እያንዳንዱን ለብቻው አቁሜ በብድሩ የገዛውን በሬ ቀለም በመጠየቅ ነበር። ገንዘቡ ያልደረሰው ሰው መልሱ ይዘገያል።

ስለዚህ ዘጋቢያችሁ ሌላ ጊዜ ወደ ገጠር ቅርንጫፍ ሲወጣ የብድር ማመልከቻዎቹን ያስወጣና የእጅ ጽሑፉን ይመልከት። የሃያ ቡድን አባላት ስም በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቀን ተሞልቶ ካገኘ፣ የቡድን ዋስትና ያልሠራው እዚያ ገጽ ላይ ነው።

አንድ የቀድሞ የብድር ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ