ዝርዝሩ ከመጻሕፍቱ በኋላ መጣ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ከጅምሩ በእጃቸው እንደያዙ አድርጎ ያቀርባል። ነገሩ እንዲያ አልነበረም።

ልክ እነዚህን 27 የሚቆጥር፣ እስከ ዛሬ የቆየልን የመጀመሪያው ዝርዝር የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ በ367 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የጻፈው የፋሲካ ደብዳቤ ነው። ከእሱ 40 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሳርያው አውሳብዮስ መጻሕፍቱን በሦስት መደብ ይከፍል ነበር፤ ሁሉም የተቀበሏቸው፣ የሚያከራክሩ እና የማይገቡ። የያዕቆብና የይሁዳ መልእክቶች፣ 2ኛ ጴጥሮስ፣ 2ኛና 3ኛ ዮሐንስ ከሚያከራክሩት ጋር ናቸው። ራእይንማ የት እንደሚያስቀምጠው ቸግሮት ሁለት ቦታ ጠቅሶታል!

በአራተኛው መቶ ዘመን የተጻፈውን የግሪክኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጥራዝ፣ ኮዴክስ ሲናይቲከስን፣ ብንከፍት ደግሞ ከራእይ ቀጥሎ ከ27ቱ ውጭ የሆኑት የበርናባስ መልእክትና የሄርማስ እረኛ አሉ። በአንድ ጥራዝ መጠረዛቸው ብቻውን እኩል ሥልጣን ነበራቸው አያሰኝም። አትናቴዎስም ሄርማስን ከዝርዝሩ አውጥቶ፣ ለአዲስ አማኞች ግን ይነበብ ብሏል። የሚነበብ ሁሉ ቀኖና፣ ማለትም በቅዱሳት መጻሕፍት ዝርዝር የሚቆጠር፣ አልነበረም ማለት ነው።

ከ367 በኋላም ጉዳዩ አልተዘጋም። በአምስተኛው መቶ ዘመን የሶርያ ቋንቋ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የሆነው ፔሺታ የያዘው 22 የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ብቻ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ