ታች ቧንቧ ሲከፈት ላይ ሻወሩ ለምን ይዳከማል?

ለውድ ደንበኞቻችን
ድሬዳዋ

«ታች ልብስ ማጠብ ሲጀመር ላይ ሻወሩ ጠብ ጠብ ይላል፤ ፓምፕ ግጠሙልን» የሚል ስልክ ብዙ ጊዜ ይደርሰናል። ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ብታነቡልን ደስ ይለናል፤ ገንዘባችሁን ሊያተርፍላችሁ ይችላልና።

በቅርቡ ሳቢያን አካባቢ ባለ አንድ ጂ ፕላስ 3 ቤት ሠርተን ነበር። የላይኛው ተከራይ «ውሃዬን ይወስዱብኛል» ብሎ ከታችኞቹ ጋር ተቀያይሟል። ሮቶው ጣሪያ ላይ ነው፤ ውሃው ከላይኛው ሻወር የሚበልጠው 3 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ግፊቱን የሚሰጠው ይህ ከፍታ ነው፣ 10 ሜትር ለ1 ባር ስለሚቆጠር ላይ ያለው ሰው 0.3 ባር ብቻ ያገኛል። ምድር ቤት ግን ከ1 ባር ይበልጣል፤ ስለዚህ ታች ቧንቧ ሲከፈት ውሃው በኃይል ይወርዳል።

ችግሩ ያለው ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት ቧንቧ ላይ ነው። ከሮቶው የሚወጣው መስመር ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ነበር፤ እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ ድረስ ከነመታጠፊያዎቹና ከነቫልቩ 20 ሜትር ያህል ይቆጠራል። ሻወሩ ብቻውን ሲከፈት በደቂቃ 6 ሊትር ያልፍበታል፤ ውሃው ከቧንቧው ጋር ሲፋተግ በመንገድ የሚጠፋው ግፊት ሩብ ሜትር ያህል ከፍታ ነው፤ ልዩነቱ አይሰማም። ሦስት ቧንቧ አንድ ላይ ሲከፈትና 18 ሊትር ሲያልፍ ግን ኪሳራው ሦስት እጥፍ ሳይሆን ሰባት እጥፍ ይሆናል፦ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ከ3 ሜትሩ ለላይኛው ሻወር የሚተርፈው 1 ሜትር ብቻ ነው። ታችኞቹ ምንም አላጠፉም፤ ቧንቧው ጠበበ እንጂ።

የድሬዳዋ ውሃ ደግሞ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩት ነጭ ቅርፊት የብረት ቧንቧም ውስጥ ይጋገራል። የቆረጥነውን ቧንቧ ለባለቤቱ ስናሳየው ቅርፊቱ ውስጡን ማጥበብ ጀምሮ ነበር። ቧንቧ ትንሽ ሲጠብ ኪሳራው በብዙ እጥፍ ይጨምራልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያ ቤት የጋራውን መስመር ብቻ በባለ 1 ኢንች የፕላስቲክ ቧንቧ ቀየርነው። ሦስት ቧንቧ አንድ ላይ ሲከፈት የሚጠፋው ወደ ግማሽ ሜትር ወረደ፤ ሻወሩ አሁን ታች ሲታጠብም ይወርዳል። ከሮቶው ለላይኛው ፎቅ ለብቻው መስመር ማውጣትም ጥሩ መላ ነው።

እናንተም በአንድ ባልዲና በስልካችሁ ሰዓት መለየት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ሌላው ሁሉ ተዘግቶ ባልዲውን ከላይኛው ሻወር ሙሉ፤ ቀጥሎ ታች ሁለት ቧንቧ አስከፍታችሁ ድገሙት። ብቻውን ቶሎ ሞልቶ አብሮ ሲሆን ከዘገየ፣ ጥፋቱ የጋራው ቧንቧ ነው። ብቻውንም ከዘገየ የሻወሩን ራስ ፈትታችሁ ኖራውን በሆምጣጤ አጽዱ፤ ያም ካልረዳ ወይ ቧንቧው በኖራ ጠቧል ወይ የሮቶው ከፍታ አንሷል፤ ከፍታው ከሆነ ሮቶውን ማስነሳት ወይም ፓምፕ ያስፈልጋል። ፓምፑ ከሮቶው በኋላ ይገጠማል እንጂ በቀጥታ ከከተማው መስመር አይስብም፤ እንዲያ ሲስብ ከተሰነጠቀ ቧንቧ ቆሻሻ አብሮ ሊገባ ይችላል።

የሁለቱን ሰዓት ጽፋችሁ ብትደውሉልን ምን ይዘን እንደምንመጣ ቀድመን እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ የቧንቧ ሥራ ክፍል