አድራሻ፣ ከተማ መቀየርና የሥራ ፈቃድ ከስኮሩ ለምን ወጡ?

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን "ትናንት 76 የነበረው ልጅ ዛሬ እንዴት 66 ሆነ?" ብላችሁ የደወላችሁልን ብዙ ናችሁ። ልክ ናችሁ፣ ቀድመን መንገር ነበረብን፣ ይቅርታ። ልጁ ምንም አልሆነም፣ እኛ ነን ለአመልካቾች ሲቪ የምንሰጠውን ስኮር የቀየርነው።

ድሮ ከ100ው 60 ለልምድና ለችሎታ፣ 10 ለትምህርት፣ 15 ለሚኖርበት ከተማ፣ 5 "ሌላ ከተማ ሄጄ እሰራለሁ" ላለ፣ 10 ደግሞ ለሥራ ፈቃድ እንሰጥ ነበር። ስንሰራው ጥሩ መስሎን ነበር፣ እስከ ሃዋሳው ጉዳይ ድረስ።

ሃዋሳ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ደንበኛችን የኳሊቲ ኃላፊ ፈልጎ ከ70 በታች ያሉትን አታሳዩኝ አለ። አንዷ አመልካች ለልምድ 54፣ ለትምህርት 8 አገኘች፣ ግን ሲቪዋ ላይ ያለው አድራሻ ሜሪላንድ ነው፣ ዜግነቷም አሜሪካዊ ይላል፣ ስለ ሃዋሳ መሄድ ደግሞ ምንም አልጻፈችም። ሶስቱም ላይ ዜሮ ገባና ድምሯ 62 ሆነ፣ ከሊስቱ ወጣች። ሃዋሳ የሚኖረው ልጅ ለልምድ 38፣ ለትምህርት 8 ሆኖ ሳለ ሶስቱን ሙሉ አግኝቶ 76 ይዞ አንደኛ ወጣ። በኋላ ራሷ ደውላ ስታጣራ ነው የነቃነው፣ ለካ ሴትዮዋ ጠቅልላ አዲስ አበባ ገብታለች፣ አድራሻውን አልቀየረችውም እንጂ፣ ቢጫ ካርድም አላት። በአዋጅ 270/1994 መሰረት ቢጫ ካርድ ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ እንደ መከላከያ፣ ደህንነትና ውጭ ጉዳይ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ካልሆኑ በቀር ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር ይችላል። ማለትም ዜሮ የሰጠናት ሰው ምንም አይጎድላትም ነበር።

ሶስቱን አውጥተን በልምድና በትምህርት 70 ነጥብ ብቻ ስናሰላው እሷ 62 ከ70፣ ወደ መቶ ሲቀየር 89፣ እሱ 46 ከ70፣ ማለትም 66። በፊት ስኮሩ ይነግራችሁ የነበረው ማን ሥራውን ይችላል የሚለውን ሳይሆን ማን ቅርብ ነው የሚለውን ነበር ማለት ነው።

የሥራ ፈቃድ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያውም በነጥብ የሚለካ አልነበረም። ነጥብ ማለት አንዱ ሲጎድል በሌላው ይካካሳል ማለት ነው፣ ፈቃድ ግን በልምድ አይካካስም። በድሮው አሰራር ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋ በሌላው ሁሉ ጎበዝ ከሆነ 90 ይዞ አንደኛ ይወጣላችሁ ነበር፣ ሊቀጠር ግን አይችልም። "ፈቃድ አለኝ" ማለትም ብቻውን አይበቃም፣ በአሰሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለ3 ዓመት ሆኖ በየዓመቱ እየታደሰ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ለሌላ ሥራ የወጣ ፈቃድ ለእናንተ ክፍት ቦታ ላይሆን ይችላል። አሁን ከስኮሩ ጎን ለብቻው "አለው"፣ "የለውም"፣ "አልታወቀም" ተብሎ ይታያል። ሶስተኛዋን በደንብ እዩልን፣ ሲቪ ላይ ባዶ መሆን "የለውም" ማለት አይደለም፣ ለሁሉም እኩል አንድ ጥያቄ ልካችሁ ጠይቁ።

አድራሻን በተመለከተ አንድ የማንወደው ነገርም ነበረ። እዚህ አገር ሰው የሚኖርበትን ቦታ ስታይ ብሔሩንም እየገመትክ ነው፣ ባታስበውም፣ የአሰሪና ሠራተኛ አዋጁ ደግሞ በብሔር መለየትን ይከለክላል። ቦታው የምር ለሥራው የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ሥራው ራሱ የሚጠይቀውን ጻፉት። ለምሳሌ ቦይለር ሲበላሽ በሌሊት በ30 ደቂቃ ውስጥ መድረስ ያለበት ቴክኒሻን ከፈለጋችሁ "በ30 ደቂቃ መድረስ የሚችል" በሉን፣ እንደ ፊልተር እናስገባዋለን፣ ክፍለ ከተማ አንቆጥርም።

"ሄደው ሁለት ወር ሰርተው የሚመለሱ ሰለቹን" ላላችሁን ቅሬታችሁ ይገባናል፣ ግን የድሮው ነጥብም አያድናችሁም ነበር፣ ምክንያቱም ሥራ የፈለገ ሰው ሁሉ "ሃዋሳም ኮምቦልቻም እሄዳለሁ" ብሎ ነው የሚጽፈው። መልሱ የሚታወቀው ደመወዙን፣ የቤት አበል መኖር አለመኖሩን፣ መቼ መጀመር እንዳለበት ስትነግሩት ነው። ስለዚህ ከላይ ያሉትን ስምንት አስር ሰዎች መርጣችሁ ይሄን ነግራችሁ ከዛ ጠይቁ፣ ስለ ትዳርና ልጅ ግን አትጠይቁ። አዎ፣ የስልክ ወጪያችሁ ትንሽ ይጨምራል፣ አንዳንዱም እምቢ ይላል፣ ይሄን አንደብቃችሁም።

ቀድሞ ያስቀመጣችሁት የ70 መቁረጫ አሁን ሌላ ትርጉም አለው፣ ነጥቡ ሁሉ ስለተቀየረ ማለት ነው። ቀጣዩን ማስታወቂያ ከመልቀቃችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አስተካክሉት፣ የድሮውን ሊስት በአዲሱ ስኮር እንድናወጣላችሁ ከፈለጋችሁም ደውሉልን፣ በነፃ እናወጣለን።

ከሲቪ ማጣሪያ ቡድኑ