ጉዳዩ፦ በአንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስለሚሰጡ ሦስት ዓይነት መልመጃዎች

ለተከበራችሁ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፣
ባሕር ዳር

የመንፈቀ ዓመቱ የውጤት ካርድ በመጪው ዓርብ ጠዋት ከክፍል ኃላፊ መምህራን እጅ ይወሰዳል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ግን «ለጎረቤት ልጅ ከባዱ ወረቀት ተሰጥቶ ለእኔ ልጅ ሥዕል ያለበት ለምን ተሰጠ? እኩል ከፍለን እኩል ለምን አይማሩም?» የሚለው ቅሬታ ሰሞኑን ስለተደጋገመብን ነው።

የሚማሩት እኩል ነው። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ስለመደመር በተሰጠው ትምህርት የመምህሩ ገለጻም ጥያቄውም አንድ ነበር፦ ዓሣ አስጋሪው ከጣና ካወጣው ቆሮሶ 1/2ኛውን ጠዋት፣ 1/3ኛውን ከሰዓት ቢሸጥ በድምሩ ስንት እጁን ሸጠ? መካከለኛው ወረቀት ይህንኑ ብቻ ይጠይቃል። ሥዕል ያለበት ወረቀት በዚያው ጥያቄ ላይ ስድስት ቦታ እኩል የተከፈለ ቅርጽ ይጨምራል፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሮ 2/5 ብሎ የጻፈ ልጅ ቅርጹን ሲቀባ አምስቱ ሞልቶ አንዱ ብቻ መቅረቱን ያያል፤ 2/5 ደግሞ ጠዋት ከተሸጠው ግማሽ እንኳ ያንሳል። ሦስተኛው ወረቀት 5/6ን ሰጥቶ፣ ተደምረው ይህንኑ የሚሆኑ ታህታቸው የተለያየ ሌሎች ሁለት ክፍልፋዮችን፣ ለምሳሌ 3/4ንና 1/12ን፣ ልጁ ፈልጎ እንዲያገኝ ይጠይቃል።

«ለጎበዙ ታዲያ ጥያቄ አብዙለት» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። አንድ ዓይነት ስሌት ሃያ ጊዜ ማሠራት ቶሎ በመጨረሱ ልጁን መቅጣት ነው።

«አንድ መምህር ሦስት ትምህርት ሲያዘጋጅ ሁሉም ይሳሳበታል» የሚል ስጋትም ይነሣ ይሆናል። መምህሩ የሚያዘጋጀው መካከለኛውን ብቻ ነው፤ ቀሪው ሥራ ቅርጹን መሳልና ጥያቄውን ከመልሱ ተነሥቶ ወደ ኋላ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ይህም በየቀኑ አይደረግም። በክፍለ ጊዜው ማብቂያ ሁሉም ሁለት አጭር የመውጫ ጥያቄ ይሠራል፤ ደብተሮቹ ሲታዩ ሁሉም ከገባው ወይም ማንም ካልገባው በማግስቱ ለሁሉም አንድ ወረቀት ይበቃል።

ልጄ «ሰነፍ» ተብሎ ተመደበብኝ ለምትሉም፣ ምድቡ ከትምህርት ትምህርት ይቀያየራል፤ በክፍልፋይ ሥዕል የተሰጠው ልጅ በዙሪያና በስፋት ሦስተኛውን ሊወስድ ይችላል። መውጫው ላይ ደግሞ ሁሉም ያለ ሥዕል 1/4 + 2/3ን ይሠራል፤ 11/12 ያለ አለፈ፣ 3/7 ያለ በማግስቱ ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ሥዕሉ ከዚህ ጥያቄ የሚያድነው ማንም የለም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንጠይቃለን። ሦስተኛውን ወረቀት ከጎረቤት ኮፒ አድርጋችሁ፣ በአስጠኚ አሠርታችሁ አትላኩ፤ መምህሩ በአስጠኚው መልስ ልጃችሁን ሊመድበው ይችላልና። ምድቡን የሚጠራጠር ወላጅ ከትምህርት በኋላ መጥቶ የልጁን የመውጫ ጥያቄዎች ከደብተሩ ላይ ማየት ይችላል።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር